የአራስ ቤቱ ጭስ

መድኃኒት ቤት ስሠራ የምጠላው ጥያቄ «የቱ ይሻላል?» የሚለው ነው። በገበያ ቀን ከቆላ ወደ ሰቆጣ የወጣ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የትንኝ መከላከያዎቹን ሁሉ ያስደረድራል። የሚጨሰውን ጥቅልል፣ የሚረጨውን ፍሊት፣ የሚቀባውን ሎሽን፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ፈሳሽ እያገላበጠ የቱ እንደሚሻል ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ከመመለሴ በፊት እጠይቃለሁ። ማን ነው የሚተኛበት? ቤቱ መስኮት አለው? መስኮቱስ ይከፈታል? ብዙው ሰው ቅር ይለዋል። «ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት ወይስ ልመረመር?» ያለኝም አለ። ይበል። እኔ ሳልጠይቅ አልሸጥም፤ ይህ ጠባይ የያዘኝ ከእህቴ ልጅ በኋላ ነው።

ታናሽ እህቴ የተዳረችው አበርገሌ ነው፣ ወደ ተከዜ በሚያቆለቁለው አገር። ባሏ ቄስ ነው፤ በደብሩ ይቀድሳል፣ ልጆች ዳዊት ያስተምራል። ከድቁናው ጀምሮ ስለማውቀው ብቻችንን ስንሆን አንተ እለዋለሁ፣ ሰው ፊት ግን አንቱ። ከእነሱ ጋር የሚኖሩት እናቱ፣ እኔም እንደ ሁሉም ሰው እማማ የምላቸው፣ አማርኛውን በጎልማሳነታቸው የተማሩ የኽምጣንጋ ተናጋሪ ናቸው። ሲቆጡ ወደ ኽምጣንጋቸው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ምን እንዳሉ ባይገባኝም ለእኔ መሆኑ አይጠፋኝም ነበር።

እህቴ እርጉዝ ሳለች ወባ ያዛት። ዳነች፤ ልጅቷ ግን ያለ ወሯ ባይሆንም ትንሽ ሆና ተወለደች። ትንሽ ስል አንድ መዳፍ ላይ ጭንቅላቷና ጀርባዋ የሚያርፍ ማለቴ ነው። ሳምንት ያህል እንደቆየ እህቴ ስልክ ደወለችልኝ። «ልጅቷ ትተነፍሳለች፣ ግን ትተነፍስ ይሆን እያልኩ ቁጭ ብዬ ማየት አለብኝ» አለችኝ። ይህን የምትል እናት ዝም አትባልም። ከመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ፈቃድ ለመንኩና ፍሊት፣ ሎሽን፣ የሚሰካውን ፈሳሽና አንድ አዲስ አጎበር በቦርሳ ከትቼ በአይሱዙ ወረድኩ፤ ከመንገዱ የተረፈውን በእግሬ።

ጓዳው በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ጭሱ ነው። በሩን ጋቢ ጋርዶታል፤ ጋቢውን ስገልጠው ዓይኔ አለቀሰ። መስኮቲቱ በጆንያና በአሮጌ ቀሚስ ተወትፋለች። አልጋው ሥር፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ ጥቅልሉ ይጨሳል። በሌላው ጥግ ሁለተኛ ጥቅልል ይነዳል። ደጁ ላይ ሰው የሚያቀልጥ ሙቀት ነው፤ እህቴ ግን በልብስ ላይ ልብስ ደርባ፣ ልጅቷን ታቅፋ፣ ከጭሱ መሃል ሆና ፈገግ አለችልኝ።

«ማነው ይህን የለኮሰው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ከአልጋው ራስጌ። መኖራቸውን አላየሁም ነበር። «ደህና ደርሰሻል ወይ? ጋቢውን መልሽው፣ ነፋስ ይገባል።»

እንደ አገሩ ወግ ሴት ልጅ የወለደች አራስ ልጇ ክርስትና እስክትነሣ ሰማንያ ቀን ከቤት አትርቅም፣ ብቻዋን አትተውም፣ ነፋስ አይነካትም። በሩ ይጋረዳል፣ መስኮቱ ይደፈናል። ጭስ ደግሞ ለአራስ ወዳጅ ነው ተብሎ የታመነ ነው፤ ወገብ ያጠናል፣ ክፉ ዓይን ያርቃል ይባላል። የቄሱ እናት ልጃቸው ከገበያ ያመጣውን የትንኝ ጥቅልል ሲያዩ ሌላ ነገር አልመሰላቸውም። ጭስ ጭስ ነው፤ ያውም ትንኝ የሚያባርር። እንዲያውም ልጅቷ ስትስል ብርድ ገብቶባት ነው ብለው ሁለተኛውን ለኮሱ። ሳሏ ሲብስ መስኮቱ ይበልጥ ይደፈናል፣ ጭሱ ይጨመራል። «ጭስ መውጫ አያጣም» ይላሉ። እዚያ ቤት አጥቶ ነበር።

ጥቅልሉ ምን እንደሆነ ለቄሱ ነገርኩት። እንጨት ተፈጭቶ ትንኝ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይለወስበታል፤ ጫፉ ሲለኮስ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይነዳል። ትንኙን ይቀንሳል፤ ይህን አልክድም። ግን የሚነደው አብዛኛው ዱቄቱ ነው፣ ጭሱም የእንጨት ጭስ ያህል ሳንባ ይፈጃል። በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሚመላለስበት ቤት፣ ከመኝታ ርቆ ቢነድ ይቻላል። እሽጉም ላይ አየር ይግባ ይላል። በተደፈነ ጓዳ፣ ትንሽ ሆና ለተወለደች ልጅ፣ አልጋ ሥር? «አንተ ዳዊት ትደግማለህ፣ እሽጉን ግን አላነበብክም» አልኩት። ብቻችንን ነበርን። አንገቱን ደፋ።

«እናቴን አንቺ ንገሪያት» አለኝ። «እኔ ብነግራት አትሰማኝም። እሷ በትንኝ ነገር አትሰማም።»

እኔም ተናገርኩ። ምላሴ ለስላሳ አይደለም፤ የተናገርኩትም ለስላሳ አልነበረም። እማማ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ «እሺ፣ ጭሱን ላጥፋው። ትንኙንስ ማን ያጥፋልኝ?» አሉ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ወባው ቀልድ አይደለም፤ በዚያ አገር በዚያ ወቅት ያልተያዘ ቤት አልነበረም።

ቦርሳዬን ፈታሁ። የሚሰካውን ፈሳሽ ሳወጣ ቄሱ አየኝና አልቻለም፣ ሳቀ። መብራት ከጠፋ ከርሟል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል፤ እኔ ሰቆጣ ሆኜ መብራት ያለበትን አገር እያሰብኩ ነበር የሸከፍኩት። ከአራቱ ለቤት ውስጥ የሚቀለው እሱ ነው። ፈሳሹ በትንሽ ሙቀት ይተናል፣ ጭስ የለው፣ አመድ የለው፤ እሱም ቢሆን ከአልጋ ራቅ ብሎ፣ መስኮት ገርበብ ተደርጎ ነው። ያለ መብራት ግን ጠርሙስ ነው። ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ሎሽኑን አወጣሁ። ለእህቴ እጇንና እግሯን ይበቃል፤ ሲመሽ ትቀባለች፣ ለሰዓታት ይይዝላታል፣ ጡቷን አታስነካም፣ ልጅቷን ከማንሣቷ በፊት መዳፏን ትታጠባለች። ለልጅቷ ግን ክልክል ነው፤ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን አይቀባም። ይህን ሦስቴ ደጋግሜ ተናገርኩ። ቄሱ እጁን መቀባት እንቢ አለ፣ መስቀልና ጽዋ የሚይዝ እጅ ነው ብሎ፤ እሺ ብዬ አንገቱን ብቻ ቀባሁት። በማግስቱ የመነጽሩ የፕላስቲክ እጀታ ጆሮው ሥር ሙጫ ሆኖ ዝልግልግ ብሏል። ሎሽኑ ፕላስቲክ እንደሚያቀልጥ አውቅ ነበር፤ መነጽሩ ትዝ አላለኝም። «ይህ ነው ለሰው የሚቀባው?» አሉ እማማ መነጽሩን አንሥተው። ቆዳ ፕላስቲክ አይደለም፣ እንደ ታዘዘው ከተቀባ አይጎዳም ብል ማን ይስማኝ። ከዚያ በኋላ እህቴም ፈርታ አልተቀባችም።

አጎበሩን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የምተማመነው በእሱ ነበር። የሚተን፣ የሚጨስ፣ የሚቀባ ነገር ሳይኖር እናትና ልጅ ከውስጥ፣ ትንኝ ከውጭ። ከጣሪያው እንጨት አስሬ፣ ዳሩን ፍራሹ ሥር ወትፌ ስጨርስ እማማ ከደጅ ገቡ። ቆም ብለው አዩት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱት፤ ገመዱ ተበጠሰ፣ እሳቸውም አጎበሩን እንደታቀፉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። በኽምጣንጋ የሚሉትን አልሰማሁም። እህቴ ግን ትሰማለች፣ ታለቅሳለች።

በኋላ ነው ያወቅሁት። እማማ ከቄሱ በፊት አንድ ልጅ ነበራቸው። ወባ ጣለው። አጎበር ከሰው ለምነው የሰቀሉለት ከተያዘ በኋላ ነበር፤ ከእሱ ሥር እንደተኛ ሞተ። ነጭ መጋረጃ ከልጅ በላይ ሲሰቀል ለእሳቸው ከፈን ነው። «አጎበር የሚሰቀል ሲመሽበት ነው» አሉኝ። «ያኔ ጭስ ባገኝ ኖሮ ልጀ አይሞትም ነበር።» እኚህን ሴት ምን ብዬ ልከራከራቸው? አጎበር ለታመመ ሳይሆን ላልታመመ ነው አልኳቸው። ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ግን ለማንም አልጠቀመም።

የቀረኝ ፍሊቱ ነው። ፍሊት ሲረጭ ሰው መውጣት አለበት፣ ምግብና ውሃ ይወጣል፣ በሩ ተዘግቶ ይቆያል፣ ከዚያ መስኮቱ ተከፍቶ ሽታው እስኪወጣ ማንም አይገባም። አራስ ደግሞ አትወጣም። ግማሽ ቀን ለመንኩ። ቄሱ መጨረሻ ላይ እናቱ ፊት ቆሞ «ከቤት አትወጣም፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ነው» አለ፤ እማማም ክፉ እንዳይነካት የብረት ማጭድ አስይዘው፣ ራሷን ሸፍነው፣ እህቴን ልጅቷን እንዳቀፈች ወደ ሳሎኑ አሻገሯት። ጓዳውን ረጨሁ። ከዚያ ጆንያውን ከመስኮቱ ነቅዬ ጣልኩት። ብርሃን ገባ። ግድግዳው በጥላሸት መጥቆሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ልጅቷ ተለወጠች። ሳሎኑ አየር ነበረው። ጡት ስትይዝ እየተወች መተንፈሷን ትታ ሳትቋረጥ ጠባች። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ ፊቷ ላይ አላየሁም። ጥቅልል ሳይለኮስ አደረ። እኔም ነገሩ የተፈታ መሰለኝ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ተኛሁ።

ፍሊት ግን ያገኘውን ይገድላል እንጂ የሚመጣውን አይጠብቅም። በማግስቱ ወደ ማታ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ እማማ ጓዳው ግድግዳ ላይ አንዲት ትንኝ አዩና በመዳፋቸው መቷት። መዳፋቸውን አምጥተው አፍንጫዬ ሥር ዘረጉልኝ። ቀይ ነበር።

«ይኸው» አሉ። «የማን ደም ነው? ንገሪኝ፣ አንች የተማርሽው። የማን ደም ነው?»

የእህቴ ይሁን የልጅቷ፣ ወይ የእኔው፣ ማን ያውቃል። አጎበሩን እንደገና ልስቀል ብዬ ብፈልገው ሸሽገውታል። ጆንያው ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ቄሱ ለነገው ቅዳሴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ የሚዳኘን የለም። እማማ ክብሪት ጫሩ። እህቴን «አንቺ ተናገሪ እንጂ! ልጅሽ ናት!» ብዬ ጮህኩባት። እህቴ ደግሞ ሁለቱንም ፈራች፣ ወባውንም አማቷንም። በአንድ ጠባብ ቤት ሁለት ሴቶች ተኳረፍን፣ ጭሱም መሃላችን ነደደ።

እንዲህ ሰነበትን። እኔ ጋቢውን እገልጣለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። አንዱን ጥቅልል ደጅ እወረውራለሁ፣ ሌላ ይለኮሳል። ጭሱ እሳቸውንም ይፈጃቸው ነበር፤ አልጋው ራስጌ ተቀምጠው እየሳሉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ልጅቷን በነጠላ ጫፍ ያራግቡላታል። ለራሳቸው አንድም ቀን ከትንኝ አልተከለሉም። ቁጡ ነኝ፣ ግን ያን ማየት ያሳምመኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ልጅቷ ጡት እንቢ አለች። ልብሷን ገልጬ ደረቷን አየሁ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫዋ ይከፈታል፣ ትንፋሿ ለመቁጠር ይቸግራል። ይህ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። «ጤና ጣቢያ፣ አሁን!» አልኩ። እማማ በሩ ላይ ቆሙ። ያልተጠመቀች ልጅ እንዲህ ሆና ደጅ አትወጣም።

የከፈተልን ቄሱ ነው። የልጅቷን ፊት አየ። ለሞት የተቃረበች ልጅ ቀኗ ባይሞላም ትጠመቃለች፤ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። «ክርስትና ትነሣ፣ ከዚያ እንሄዳለን» አለ። ለክርስትና ሲባል እማማ ከበሩ ዘወር አሉ። ጭስ ሳይል ሳንባ ሳይል ያልተከፈተ በር ለዚያ ተከፈተ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ ታቅፌ ሮጥኩ። የጠዋቱ አየር ፊቷን ሲነካት የከንፈሯ ጥቁረት ትንሽ ለቀቅ አለ። ሌላ ቄስ አጠመቃት፤ አባቷ ጥግ ቆሞ ድምፁ እየተቆራረጠ ይጸልያል። የጎረቤት ሴት ክርስትና እናት ሆነች። እህቴ አራስ ናትና ቅጽሩ ውጭ ቆማ ጠበቀች።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ነርሷ ወጣት ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። የልጅቷን ትንፋሽ ቆጠረች፣ መርፌ ወጋቻት፣ ያላትን ኦክስጅን ሰጠቻት፣ ወደ ሰቆጣ የሚወስድ መኪና አስጠራች። እየሠራች ሳለ «ቤት ውስጥ ምን ይነዳል?» ብላ ጠየቀች፤ የልጅቷ ልብስ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ሳንባዋ ተይዟል አለችን። መኪናው መጣ፤ ልጅቷ ግን መኪናው ግቢው ውስጥ ሳይዞር ሞተች። እህቴ ጡቷን አውጥታ አፏ ላይ እንደያዘች ነበር።

የተጠመቀች ናትና ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ቤት ስንመለስ ጎረቤቶች ቀድመው ለለቀስተኛ አመቻችተውታል። ጋቢው ከበሩ ወርዷል፣ ጆንያው ከመስኮቱ ተነቅሏል፣ ጓዳው ተጠርጎ አየር ከወዲያ ወዲህ ይመላለስበታል። እህቴ ገባችና ያን አየች። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

ለቀስተኛው ከቀነሰ በኋላ እማማ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ልጀ ማባበሉ አይቀርም፤ ቄስ ነውና እግዜር ወሰዳት ይለኛል» አሉ። «ምሽቱም ታዝንልኛለች። አንች ግን ምላስሽን አውቀዋለሁ። ጭሱ ነው?»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን መዋሸት ፈልጌ አላውቅም። ትንሽ ሆና ነው የተወለደችው ብዬ ልተወው እችል ነበር፤ ያም ውሸት አይደለም። ግን እህቴ ነገ ሌላ ልጅ ትወልዳለች። እዚያው ጓዳ፣ እዚያው አልጋ፣ ራስጌዋ እኚሁ ሴት ተቀምጠው፣ እጃቸው ላይ ክብሪት።

«ትንሽ ነበረች፣ ሳንባዋም ታሞ ነበር» አልኳቸው። «ጭሱ ብቻ ነው አልልዎትም። ግን ጎድቷታል፣ እማማ። አየር ብታገኝ ልትተርፍ ትችል ነበር።»

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያን የክብሪት እጃቸውን አዩት። ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ፤ እንደ ሽሙጥ አልነበረም። ተነሥተው ወደ ዘመዳቸው ቤት ሄዱ፤ ኑሯቸውም እዚያው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ስወርድ መስኮቱ ገርበብ ብሎ፣ አልጋው አጎበር ተሰቅሎበት አገኘሁት፤ አጎበሩን ያመጡት እማማ ናቸው፣ ከሸሸጉበት። አጣጥፈው በር ላይ አስቀምጠውት ሄዱ አለችኝ እህቴ። በየቀኑ ይመጣሉ። ይመጣሉ እንጂ አይገቡም። ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በክፍቱ በር ልጁን ያዩታል። ቄሱ ይለምናቸዋል፣ እህቴ ልጁን አውጥታ ልታስታቅፋቸው ትሞክራለች፤ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይሸሽጋሉ። እኔም ባለፈው ክንዳቸውን ይዤ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ የልጅ ልጅዎ ነው» አልኳቸው።

«ተይኝ» አሉኝ። «እኔ ከገባሁ ይታፈናል።»